መንጠቆ የሌለው ሥራ አይጀመርም

የብረታ ብረት ቤት ደንበኛን የሚያስመርረው ብዙ ጊዜ የብየዳው ጥራት ሳይሆን ቀጠሮው ነው። ቀብድ የከፈለ ሰው ለማክሰኞ ይቀጠራል፤ ማክሰኞ ሲመጣ የበሩ ቋሚ ተቆርጦ ግድግዳ ተደግፎ ያገኘዋል፤ በሳምንቱ ሲመለስ ቋሚው እዚያው አለ፣ ከፊቱ ግን የሌላ ሰው መስኮት ተደርድሯል። ደንበኛው ይህን ሲያይ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብሎ ይሄዳል። እውነቱ ግን ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ቀና አላሉም። ሥራ የጠፋ ሳይሆን የተጀመረ ሥራ የበዛበት ቤት ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት ይኸው ችግር ከብረት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን አንድ ቡድን ገጥሞት ነበር። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለራሱ የውስጥ አገልግሎት የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች የሚጠግንና የሚያሻሽል፣ ሕንድ ሃይደራባድ ከተማ ተቀምጦ የሚሠራ አነስተኛ ቡድን ነው። ሦስት ፕሮግራም ጸሐፊዎችና ሦስት ፈታሾች ነበሩት። ሥራው የሚመጣለት ከኩባንያው አራት የሥራ ክፍሎች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መገባደጃ ላይ ድራጎስ ዱሚትሪዩ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ሲረከበው በኩባንያው የኮምፒውተር አገልግሎት ውስጥ ደንበኞቹ እጅግ የሚያማርሩበት ቡድን እሱ ነበር። ከ80 በላይ ጥያቄዎች ተከምረዋል። አንድ ጥያቄ ገብቶ አልቆ እስኪወጣ በአማካይ 155 ቀን ይፈጅ ነበር። አምስት ወር ማለት ነው።

ዱሚትሪዩ ዴቪድ አንደርሰን ከሚባል የሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ የሥራውን አካሄድ ከመነሻው ሲመረምር፣ ሰዎቹ ጎበዞች፣ ሥራውም ቢሆን ያን ያህል ከባድ ያልሆነ ሆኖ አገኘው። ጊዜው የሚባክነው ሌላ ቦታ ነበር። የገባ ጥያቄ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ «ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል» የሚል ግምት እንዲሰጠው ደንብ ነበረ። ግምቱን የሚሠሩት ደግሞ ያው ፕሮግራም ጸሐፊዎችና ፈታሾች ናቸው። አንዱ የያዘውን ሥራ ጥሎ ለአዲሱ ግምት ያወጣል፤ ተመልሶ የተወውን እስኪያስታውስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከቡድኑ ጉልበት ከሲሶ በላይ የሚሆነው በዚህ ያልቅ ነበር። ከተገመተው ውስጥም መቼም ያልተሠራ ብዙ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነበር። መጀመሪያ ግምት መስጠቱን ተዉት። ቀጥሎ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ በላይ እንዳይዝ ወሰኑ፤ ከፊቱም በተራ የሚጠብቁት ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አራቱ የሥራ ክፍሎች የሚከራከሩት በ80ው ጥያቄ ላይ መሆኑ ቀርቶ በዚህ ሳምንት በተከፈቱት አንድ ሁለት ቦታዎች ላይ ሆነ። ቦታ ካልተከፈተ አዲስ ሥራ አይገባም። አንደርሰን ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ2005 በጽሑፍ ሲያቀርብ የተከመረው አልቆ፣ ሥራ ከተጀመረ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ወደ 14 ቀን ወርዶ፣ ከመቶ 98ቱ በቀጠሮው ይደርስ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሃይደራባዶቹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ አልነበራቸውም። ወረቀት የተለጠፈበት፣ ዛሬ ይህ ሥራን በገደብ የመያዝ ዘዴ ካንባን ተብሎ ሲጠራ ሁሉም በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሰሌዳ የመጣው አንደርሰን ወደ ሲያትል ሄዶ ኮርቢስ በሚባለው የፎቶግራፍ ኩባንያ ሲሠራ ነው። ሰሌዳው ከገደቡ በኋላ የመጣ ነው፤ ገደቡን ለማሳየት። የዘዴው አባት የሚባሉት የቶዮታው ታይቺ ኦኖም ቢሆኑ ለማምረት ትእዛዝ የሚሆነውን ካርድ የፈለጉት ለጌጥ አልነበረም፤ ካርድ ያልመጣለት ዕቃ እንዳይመረት ነው።

እኛ ዘንድ ግን አመጣጡ ተገልብጧል ብል አላጋነንኩም። ካይዘን ወደ አገራችን የገባው በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው፤ በ2011ም የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን ማዎች ተማርን፤ መሣሪያ በቦታው ተቀመጠ፤ ሰሌዳም ተሰቀለ። ብዙ ቢሮ ብትገቡ «የታቀደ፣ በሂደት ላይ ያለ፣ የተጠናቀቀ» የሚል ሦስት ረድፍ ታያላችሁ፤ መካከለኛው ረድፍ ሁልጊዜ ጢም ያለ ነው። «በሂደት ላይ ያለ» የሚለው ስንት ብቻ መያዝ እንዳለበት የሚናገር ቁጥር ከጎኑ ካልተጻፈ ያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ነው እንጂ ካንባን አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ደብረ ሲና እናምጣው። ከጣርማበር ዋሻ ቁልቁል ወርዶ፣ መኪና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከመውረዱ በፊት ቆሎ የሚሸመትባት ከተማ ናት። እዚያ አምስት ሰው ያለበት የብረታ ብረት ቤት አለ እንበል። አንዱ የቤቱ ኃላፊ ነው፤ ከደንበኛ ይነጋገራል፣ ይለካል፣ ብረት ይገዛል። አንዱ ይቆርጣል፣ ሁለቱ በያጆች ናቸው፣ አንዱ ሞርዶ ቀለም ይቀባል። ገጠማ የደረሰ ጊዜ የተመቸው ይሄዳል። የሚሠሩት የላሜራ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የግቢ በር፣ አልፎ አልፎም የትምህርት ቤት ዴስክ ነው።

ይህ ቤት በሳምንት በአማካይ አራት ትእዛዝ ጨርሶ ያስረክባል እንበል። ቀብድ ተከፍሎባቸው የተለኩት፣ የተቆረጡት፣ የተበየዱት፣ ቀለም የሚጠብቁት ሲቆጠሩ ደግሞ 24 ሆኑ። አሜሪካዊው የሂሳብ ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ እዚህ በቀላሉ ይሠራል፦ በእጅ ያለውን ሥራ በሳምንት ለሚወጣው ስታካፍሉት አንድ ሥራ በቤቱ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። 24 ለ4 ሲካፈል 6 ነው። ዛሬ ቀብድ የከፈለ ሰው በአማካይ ስድስት ሳምንት ይጠብቃል። ኃላፊው «በአሥር ቀን» ብሎ የቀጠረው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን አንዱን በር ብቻ ለይቶ ስላሰበው ነው፤ በሩ ብቻውን ቢሠራ በእርግጥም ከአሥር ቀን በታች ይበቃው ነበር። በእጅ ያለው ወደ 10 ቢወርድ ግን፣ በሳምንት የሚወጣው ያው አራት ቢሆን እንኳ፣ ቆይታው ሁለት ሳምንት ተኩል ይሆናል። ማንም ከበፊቱ ፈጥኖ ሳይበይድ ማለት ነው።

አሁን ሰሌዳው ይሠራ። በብየዳ ቤት ውስጥ ወረቀት መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ በሳምንቱ በብረት ብናኝና በጭስ ጠቁሮ አይነበብም፣ ግራይንደር ሲነሳም ፍንጣሪው ያቃጥለዋል። ደግነቱ ሰዎቹ ብረት ሠሪዎች ናቸው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትርፍ ላሜራ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ከበር ሲገባ ፊት ለፊት በሚታይ ግድግዳ ላይ ይታሰር። በነጭ ቀለም አምስት ረድፍ ይሰመርበት፦ ለመቆረጥ የተዘጋጀ፣ ቁረጣ፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ ገጠማ። በየረድፉ ከአሮጌ ኤሌክትሮድ ወይም ከቀጭን ብረት የተጣመሙ መንጠቆዎች ይበየዱ። ለመቆረጥ በተዘጋጀው ሦስት፣ በቁረጣ አንድ፣ በብየዳ ሁለት፣ በቀለም ሦስት፣ በገጠማ አንድ። ድምሩ አሥር ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የመዳፍ ስፋት ያላት የላሜራ ቁራጭ ትሆንና ጫፏ ላይ ቀዳዳ ይበጅላታል፤ በጠመኔ የደንበኛው ስም፣ የሥራው ዓይነትና የገባችበት ቀን ይጻፍባታል።

መንጠቆውን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ወረቀት ላይ «ብየዳ 2» ብሎ መጻፍና ሦስተኛ ወረቀት መለጠፍ ማንንም አያግድም። መንጠቆ የሌላት ላሜራ ግን መሬት ትወድቃለች እንጂ የትም አትሰቀልም። ሦስተኛ ሥራ ለማስገባት የፈለገ ሰው ሌላ መንጠቆ መበየድ አለበት፤ ያን ሲያደርግ ደግሞ አራቱም ባልደረቦቹ ቆመው ያዩታል። ያኔ ነገሩ በዝምታ የሚያልፍ ሳይሆን የሚነጋገሩበት ይሆናል።

የመንጠቆዎቹ ቁጥር ከየት መጣ? ከሰዎቹ ቁጥር ነው የተነሳው። በያጁ ሁለት ስለሆነ የብየዳው ረድፍ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ። ቆራጩ አንድ ስለሆነ አንድ። ቀለሙ ላይ ግን ቀቢው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት የሆነው ደብረ ሲና ስለሆነ ነው። ጉም በሚውልበት ክረምት ፀረ ዝገቱ ቶሎ አይደርቅም፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ሰው ቀለሙ ተጨማዶና ተልጦ ያገኘዋል። ስለዚህ አንዱ ሲቀባ ሁለቱ ቆመው ይደርቃሉ። ያው ቤት ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ ለቀለም ሁለት መንጠቆ ሳይበቃው አይቀርም። ቁጥሩ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ አይደለም።

ሁሉም ትእዛዝ እኩል አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። አንድ የመስኮት ፍርግርግና አርባ ዴስክ በአንዳንድ ላሜራ ቢሰቀሉ ሰሌዳው ይዋሻል። አንዲት ላሜራ አንድ በያጅ ሁለት ቀን ገደማ የሚያሠራ ሥራ ትወክል። አርባው ዴስክ አሥር አሥር ሆኖ በአራት ላሜራ ይከፈል፤ የመጀመሪያው አሥር ተቀብቶ ሲወጣ የመጨረሻው አሥር ገና አልተቆረጠም። እንዲህ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ትእዛዝ የሌላውን ሰው በር ሁሉ ለወር አይዘጋም።

እርምጃው ከቀኝ ይጀምራል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አምስቱም ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚጠየቀው «ዛሬ ምን እንጀምር» ሳይሆን «ዛሬ ምን እናስረክብ» ነው። መጀመሪያ ገጠማ፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ከዚያ ብየዳ ይታያል። የገጠማው መንጠቆ ባዶ ሲሆን የደረቀው በር ወደዚያ ይሳባል፤ ያ የለቀቀውን የተበየደው ይይዘዋል፤ እንዲህ እያለ ባዶው ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል። ማንም ጨርሶ ወደፊት አይገፋም፤ ቦታ ያለው ነው የሚስበው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ብየዳው ሞልቶ ቆራጩ ሥራ ሲፈታ ነው። የቀን ከፍሎ የሚያሠራ ሰው እጁን አጣምሮ የቆመ ሠራተኛ ማየት ያንገበግበዋል፤ «ዝም ብለህ ከምትቆም የሚቀጥለውን ቁረጥ» ይላል። ቤቱ ወደ 24 የደረሰው በዚህች ትእዛዝ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ብረት ብየዳውን ቅንጣት አያፈጥነውም፤ መተላለፊያ ይዘጋል፣ ቁራጩ ከቁራጭ ይደባለቃል፣ ዝናብ ካገኘውም ይዝጋል። ቆራጩ መሞረድ ይችላል፣ ማጠፊያ መግጠም ይችላል፣ ለበያጁ ቋሚውን በማዕዘን ይዞ ማቃናት ይችላል። ምንም ከሌለ ብየዳ ይልመድ። ሃይደራባድም የሆነው ይኸው ነው፤ ገደቡ ከተበጀ በኋላ ፈታሾቹ ትርፍ ጊዜ እንዳላቸው፣ ሥራው የሚታነቀው ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ዘንድ እንደሆነ በግልጽ ታየ፤ ያኔ የሰዉ አመዳደብ ተለወጠና ሦስት ለሦስት የነበረው አራት ለሁለት ሆነ። ሥራ ሁሉ በየቦታው ተከምሮ ሳለ ይህን ማንም አላየውም ነበር፤ ሁሉም ሥራ የበዛበት ይመስል ነበርና። የቆመ ሰው የት እንደቆመ መመልከት ነው ቁም ነገሩ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። መቁረጫውም ብየዳውም ይቆማሉ፤ ኃላፊው ግን ሜትሩን ይዞ ለመውጣት መብራት አያስፈልገውም። ሲለካና ቀብድ ሲቀበል ይውላል፤ መብራቱ ሲመጣ አምስት አዲስ ትእዛዝ ይጠብቃል። ለመቆረጥ በተዘጋጀው ረድፍ ሦስት መንጠቆ ብቻ የተበየደው ለዚህ ነው። ሦስቱ ከሞሉ መብራት የጠፋበት ቀን በብሩሽ የሚቀባው የሚቀባበት፣ የደረቀው የሚገጠምበት ቀን ይሁን።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ደግሞ የታገደ ሥራ ላይ ነው። በሩ ተበይዷል፣ ቁልፉ ግን ከደብረ ብርሃን አልመጣም። ወይም ሁሉ አልቆ ሊገጠም ሲሄዱ ደንበኛው ግድግዳውን አላስጨረሰም። «ይህ በእኛ ጥፋት አይደለም» ተብሎ ላሜራዋ ከመንጠቆ ወርዳ ጥግ ትደገፋለች፤ በቦታዋ አዲስ ይገባል። በወሩ ጥጉ ላይ ስምንት ላሜራ ተደግፏል፤ ገደቡም አብሮ ሞቷል። የታገደችው እዚያው መንጠቆዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባት ትቀመጥ፤ ቦታም ትያዝ። ቦታ ስለያዘች ታማለች፤ ስላመመች ደግሞ አንዱ ተነስቶ ስለ ቁልፉ ይደውላል። ቀይ ጨርቁ በአንድ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከታሰረ ደንብ ማውጣት ይገባል፦ ማጠፊያና ቁልፉ መደርደሪያ ላይ ካልተቀመጠ፣ ግድግዳውም ቆሞ ክፍተቱ በቦታው ካልተለካ፣ ትእዛዙ ለመቆረጥ ወደተዘጋጀው ረድፍ አይገባም።

አስቸኳይም አይቀርም። የሰው ግቢ በር በመኪና ተገጭቶ ወድቋል፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን እንዴት ይደር? ለዚህ ከረድፎቹ በላይ አንድ ቀይ የተቀባ መንጠቆ ይኑር። አንድ ብቻ። እሷ ከተያዘች ሁለተኛው አስቸኳይ ማንም ያምጣው ማን ይጠብቃል። ቀዩ መንጠቆ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ተይዞ የሚውል ከሆነ ነገሩ አስቸኳይ መሆኑ ቀርቶ አማላጅ ያለውና የሌለው የሚለይበት ሆኗል ማለት ነው።

እስካሁን ያልነካሁት ገንዘቡን ነው፤ ይህ ዘዴ በእንደዚህ ዓይነት ቤት የሚሰበረው ግን እዚሁ ላይ ነው። የሃይደራባድ ቡድን የሚኖረው በደመወዝ ነው፤ የብረታ ብረት ቤት የሚኖረው በቀብድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም እንዲህ ነው፦ የአቶ እገሌ ቀብድ ለቤት ኪራይና ለቀን ሠራተኛ ሄደ፤ የእሳቸው ብረት የሚገዛው አዲስ በመጣው ደንበኛ ቀብድ ነው፤ የዚያኛው ደግሞ በሚቀጥለው። አዲስ ትእዛዝ መቀበል ያቆመ ቀን የቆየውን መጨረሻ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ኃላፊው በእጅ ያለውን የሚያበዛው ገደብን ስላልተማረ ሳይሆን ዕዳውን በዕዳ ስለሚከፍል ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ ጉዳቱ ከፍቷል። በዛሬ ዋጋ ተዋውሎ ብረቱን ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚገዛ ሰው የዋጋውን ጭማሪ ከኪሱ ይሸፍናል።

ከ24 ወደ 10 የሚወረደውም በአንድ ቀን አይደለም፤ ሰው ቀብድ ከፍሏል፤ አይመለስም። ሁለት ሲወጣ አንድ ይግባ። በሳምንት አራት እየወጣ ሁለት ቢገባ 14ቱን ለማቅለል ሰባት ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት የሚገባው ቀብድ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቤቱን የሚያቆመው በዋናነት ቀሪው ክፍያ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በመጣበት ቀን መሆን የለበትም። ብረቱ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ ወይም ተበይዶ የቆመው ይቅደም፤ እሱን ለመጨረስ ጥቂት ቀለምና የሰው ጉልበት ብቻ ነው የሚጎድለው፣ ሲረከብ ግን ቀሪው ሙሉ ግማሽ ክፍያ ይገባል። ብረቱ ጨርሶ ያልተገዛለት በዚህ ገንዘብ ይከተል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ቤቱ ከዚህ ቀደም የቀብዱን ገንዘብ በልቶት ከሆነ እስከ አራተኛውም ሊዘልቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቀብድ የሚወሰደው መቼ እንደሆነ መለወጥ አለበት። አንድ አዛውንት መጥተው «ልጄ፣ ብሩን አሁን ተቀበለኝና ተራ ያዝልኝ፤ ቤት ከቆየ ያልቅብኛል» ቢሉ መልሱ ከባድ ነው፤ ገንዘቡ እዚያው እጃቸው ላይ አለ። «ጋሼ፣ ስምዎን እዚህ ጽፌያለሁ፤ ከፊትዎ አምስት ሰው አለ። ብረትዎን የምገዛበት ሳምንት እደውላለሁ፤ ያኔ ቀብዱን ይዘው ይምጡ፤ ከዚያ በሦስት ሳምንት በርዎ ይቆማል» ማለት የሚችል ኃላፊ ሰሌዳውን በደንብ ገብቶታል። ስማቸው የሚጻፈው ከሰሌዳው ውጪ ባለ ደብተር ነው፤ መንጠቆ አይይዝም። ብረቱም በተዋዋሉበት ሳምንት ዋጋ ይገዛል።

እዚህ ላይ ማስመሰል አያስፈልግም፤ አዛውንቱ ከጠየቁበት ቀን ጀምረን ብንቆጥር ደብተሩ ላይ የቆዩበትም ጊዜ የጥበቃቸው አካል ነው። ገደብ የሚያሳጥረው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያለውን ነው። በሳምንት ስድስት ሰው እየመጣ ቤቱ አራት ብቻ የሚጨርስ ከሆነ ደብተሩ ይረዝማል፤ መንጠቆ ይህን አይፈታም። ሰው መጨመር፣ ሌላ የብየዳ ማሽን መግዛት ወይም አንዳንዱን ወደ ሌላ ቤት መላክ ነው። ሃይደራባድ የተከመረው ያለቀው በገደቡ ብቻ እንዳልሆነም አይዘንጋ፤ ግምቱ በመቅረቱ ከሲሶ በላይ ጉልበት ተመልሶላቸዋል፤ የሰዉ አመዳደብም ተለውጧል። በብረታ ብረት ቤት የዚያ ግምት አምሳያ ለማይመለስ ደንበኛ ሁሉ ዋጋ ለማውጣት ሜትር ይዞ መዞር ነው። ለተለመደው በርና መስኮት በካሬ የተወሰነ ዋጋ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ኃላፊው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ሳያተርፍ አይቀርም።

ዘዴው እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ላሜራዋ ላይ በተጻፈችው ቀን ነው። ሥራው ሲረከብ ከገባችበት ቀን አጠገብ የወጣችበት ይጻፍና በምስማር ላይ ትደርደር። በወሩ መጨረሻ አሥራ ስድስቱን አውርዶ ማየት ነው። ከአማካዩ ይልቅ ረጅሙን ልብ በሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ አርባ ቀን የቆዩ ከሆነ የእነሱ ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ለደንበኛ የሚሰጠው ቀጠሮም ከዚሁ ይወጣል፦ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አራቱ በስንት ቀን ውስጥ ወጡ? ያ ቁጥር ነው የሚነገረው እንጂ በሩ ብቻውን ቢሠራ የሚፈጀው አይደለም።

እየከሸፈ ከሆነም ምልክቱ ቶሎ ይታያል። ላሜራዎቹ የሚንቀሳቀሱት ኃላፊው ሲመጣ ብቻ ነው፤ ወይም ሰሌዳው ላይ የሌለ ፍርግርግ ከኋላ በኩል ሲበየድ ይገኛል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንዱ በያጅ ለዘመዱ በትርፍ ሰዓት ብሎ የያዘው ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ላሜራ ይኑረውና መንጠቆ ይያዝ።

ቁጥሩን መለወጥ ይቻላል፤ ግን በወር አንዴ፣ የወጡትን ላሜራዎች ካዩ በኋላ፣ አንድ መንጠቆ ብቻ። የብየዳው ረድፍ ብዙ ጊዜ ባዶ ከዋለና በያጆቹ ከጠበቁ ለመቆረጥ በተዘጋጀው አንድ ይጨመር። ላሜራዎች አንድ ቦታ ለቀናት ተንጠልጥለው ከዋሉ ከዚያ በስተግራ ካለው አንድ ይቆረጥ። ክረምቱ ሲያልፍና የግንባታው ወቅት ሲጀምር ቀለሙ በፀሐይ ይደርቃልና ሦስተኛው የቀለም መንጠቆ በግራይንደር ይነሳ፤ ሰኔ ላይ መልሶ መበየድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።